ስልሳ ሱቅ ዴሞውን ወሰደ፣ ሦስት ገዛ

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ለትናንሽ ሱቆችና ለሚኒ ማርኬቶች የሚሆን የሽያጭ ሶፍትዌር ሠርተናል። በስልክም በታብሌትም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ በራሪ ወረቀት በትነን የ15 ቀን ነፃ ዴሞ ሰጠን። 60 ሱቅ ወሰደ፤ የገዙት ግን 3 ብቻ ናቸው። ዴሞውን ሦስት ወር ብናደርገው ይሻላል? ወይስ ዋጋ እንቀንስ?»

ሁለቱንም አታድርጉ። በመጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩ። ዴሞውን «ወሰዱ» ካላችኋቸው 60 ሱቆች አብዛኞቹ እንዳልሞከሩት እወራረዳለሁ። ስልካቸው ላይ ተጭኗል፣ አልተሠራበትም። ይህን ለማወቅ ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም፤ የራሳችሁን ዳታቤዝ ክፈቱ። ለሦስት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ቢያንስ 20 ሽያጭ የመዘገበ ሱቅ ስንት ነው? አምስት ወይም ስድስት ብቻ ቢወጣ አይግረማችሁ። እንዲያ ከሆነ በትክክል ከሞከሩት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ገዝተዋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ጥሩ ውጤት ነው። የቀሩት ያልገዙት ዋጋው በዝቶባቸው አይደለም፤ ዋጋውን እስኪያስቡበት ድረስ እንኳ አልደረሱም።

ለምን አልሞከሩትም? ለባለሱቅ ነፃ ዴሞ ነፃ አይደለም። መካከለኛ ሚኒ ማርኬት ውስጥ 400 ዓይነት ዕቃ አለ እንበል። የእያንዳንዱን ስም፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ፣ በእጅ ያለውን ብዛት ማስገባት ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 800 ደቂቃ ነው። ከ13 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? ባለሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ እየሸጠ ነው። ማታ ሲዘጋ ደክሞታል። እናንተ በራሪ ወረቀት ሰጥታችሁ፣ አፑን ጭናችሁለት፣ «ይሞክሩት» ብላችሁ ሄዳችሁ። በማግስቱ ሲከፍተው ባዶ ነው። ለስላሳ ሊሸጥ ፈለገ፣ ለስላሳ የለም። ዘጋው፤ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ሦስት ወር ብትሰጡት ባዶውን አፕ ሦስት ወር ያስቀምጠዋል። እንዲያውም ጊዜው ሲረዝም «በኋላ አየዋለሁ» ለማለት ይመቻል።

ሁለተኛው ችግር ስሙ ላይ ነው። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ «ፖስ ሶፍትዌር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ባለሱቁ የሰማው ሌላ ነገር ነው። እኛ ሀገር ፖስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ባንኮች የሚሰጡትን ካርድ መሳቢያ ማሽን ነው። «ባንኬ ሰጥቶኛል፣ አመሰግናለሁ» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ የሚያስበው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ነው፤ ያን ማታ ማታ ዜድ ሪፖርት የሚወጣበትን። እዚህ ጋ ፊቱ ይለወጣል። «ከገቢዎች ነው እንዴ የመጣችሁት?» የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቃችሁ፣ በልቡ ተጠይቋል ማለት ነው።

ይህን ፍርሃት በሁለት ዓይነት መንገድ ማባባስ ይቻላል፤ ሁለቱንም ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። አንደኛው «ደረሰኝ ያትማል» ብሎ ማስተዋወቅ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠቀም ግዴታ ያለበት ነጋዴ ሕጋዊ ደረሰኝ መስጠት የሚችለው የግብር ባለሥልጣኑ ዕውቅና በሰጠው መሣሪያና ሶፍትዌር ብቻ ነው። ነገሩ በደንብ ቁጥር 139/1999 ከተደነገገ ቆይቷል። የእናንተ ሶፍትዌር ያን ዕውቅና ካላገኘ፣ ከትንሿ ፕሪንተር የምትወጣው ወረቀት ደረሰኝ አይደለችም። ደንበኛ እጅ ብትገባ ባለሱቁን ልታስቀጣ ትችላለች። እኔ ብሆን በዴሞ ጊዜ የህትመቱን ክፍል ጭራሽ እዘጋዋለሁ። ሁለተኛው መንገድ የባሰ ነው፤ «ይሄ እኮ ገቢዎች አያየውም» ብሎ ማባበል። ያንን የሚወድ ደንበኛ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ምርታችሁን ግብር መሸሸጊያ አድርጋችሁ ሸጣችሁት ማለት ነው፤ ነገ ኦዲት ሲመጣ ስማችሁ አብሮ ይነሳል። የሚባለው እውነቱ ነው፦ «ይሄ የዕቃና የዱቤ መቆጣጠሪያ ነው። ማሽን ካለዎት ማሽኑ ላይ መምታትዎን ይቀጥላሉ፤ ይሄ አይተካውም።» በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚሄድ ደንበኛ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ለማን ነው ዴሞ የሚሰጠው? 60 ሱቅ ብዙ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሸጥበት የሰፈር ሱቅ ሶፍትዌር አይገዛችሁም። ልክም ነው። ዕቃውን በዓይኑ ያውቀዋል፣ ገንዘቡ ኪሱ ነው፣ ዱቤው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሻጭ ቀጥሮ ራሱ ሌላ ቦታ የሚውለውን ነው። ሁለት ሱቅ ያለውን፣ ወይም ቀን መሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ሒሳብ የሚቀበለውን፣ ወይም ወንድሙን አስቀምጦ መርካቶ ዕቃ ሲያመጣ የሚውለውን። ይህ ሰው በየማታው አንድ ጥያቄ አለበት፦ የተሸጠው ይሄ ብቻ ነው? ሶፍትዌራችሁ የሚመልሰው ይህን ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይም መጻፍ ያለበት ይህ ነው። «ዘመናዊ ክላውድ ሲስተም» የሚለውን ሰርዙና «እርስዎ በሌሉበት ዛሬ ስንት ተሸጠ? ማን ምን ያህል ዱቤ አለበት?» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ጥያቄና ስልክ ቁጥር ይበቃል።

ዴሞው በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ቤት ውስጥ ላሳያችሁ። ባለፈው ዓመት ሳሪስ አካባቢ አንድ ሚኒ ማርኬት ውስጥ አብሬ ያቆምኩት ነው። ባለሱቋ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ሱቁን የሚይዘው የተቀጠረ ልጅ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሄድን። ማክሰኞ የተመረጠው ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ቅዳሜ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ደመወዝ የሚወጣበት ሰሞን ዴሞ ይዞ መሄድ ራስን ማስባረር ነው። ሐምሌንም ተዉት። ትንንሽ ግብር ከፋዮች ግብራቸውን የሚያሳውቁበት ወር ነው፤ «ሒሳብ» የሚል ቃል መስማት አይፈልጉም።

መጀመሪያ ያደረግነው መደርደሪያዎቹን ፎቶ ማንሳት ነው። ከዚያ ልጁን «በቀን ቶሎ ቶሎ የሚወጣው የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅነው። 90 ዕቃ መረጥን። ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ወተት፣ ዳይፐር፣ የሞባይል ካርድ። የቀረው ሁሉ «ልዩ ልዩ» በሚል አንድ ስም ገባ፤ ሲሸጥ ዋጋው ብቻ ይጻፋል። ይህ ፍጹም አይደለም፤ የልዩ ልዩው ክምችት አይታወቅም። ግን ሱቁ ከሰዓት በኋላ መሸጥ ጀመረ። 400ውን እስክንጨርስ ብንጠብቅ ኖሮ እስከ ሐሙስ ሳንጀምር እንቆይ ነበር።

ባርኮድ ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። የታሸገው ዕቃ ላይ አለ፣ ስካነር ከሌለ በስልኩ ካሜራ ይነበባል። ስኳር፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ዳቦ ግን የለውም። እነዚህን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ቁልፍ አስቀምጡ። የራሳችሁን ባርኮድ አትማችሁ መለጠፍ ካማራችሁ በ2 የሚጀምረውን ተጠቀሙ። በ20 እና በ29 መካከል የሚጀምሩት ለሱቅ የውስጥ አገልግሎት የተተዉ ስለሆኑ ከፋብሪካ ቁጥር ጋር አይጋጩም። በዴሞ ጊዜ ግን ይሄም ቅንጦት ነው።

ዴሞ የሚገድለው ትልቁ ስህተት ካርቶንና ፍሬ ላይ ነው። ልጁ አንድ ካርቶን ብስኩት በ960 ብር እንደገባ ነገረን። ውስጡ 24 ፍሬ አለ፤ አንዱ 40 ብር ላይ ይወድቃል፣ 45 ይሸጣል። የሚያስገባው ሰው ቸኩሎ ብዛት «1»፣ መግዣ «960»፣ መሸጫ «45» ብሎ ጻፈው። ማታ ሪፖርቱ እንዲህ እንዳለ ቢከፈት ብስኩቱ በእያንዳንዱ ፍሬ 915 ብር ኪሳራ ያሳይ ነበር። ክምችቱም ከዜሮ በታች ወርዶ ይታይ ነበር። ባለሱቋ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? «ይሄ ነገር አይሠራም» ነበር የሚሉት፤ ደግመው አይከፍቱትም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ባለቤት ሪፖርት ከማየቱ በፊት፣ እናንተ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ከዜሮ በታች የሆነ ክምችት፣ እና ከመሸጫው የበለጠ መግዣ። ሁለቱም የካርቶንና የፍሬ መደባለቅ ምልክቶች ናቸው። እኛ ከሰዓት ላይ አገኘነውና አስተካከልነው። ሶፍትዌራችሁ መግዣው ከመሸጫው ሲበልጥ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የማይጠይቅ ከሆነ ሌላ ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ይሄን ጨምሩ።

ሌላ አንድ ትንሽ ነገር። ባለሱቋ በቆሙበት ልጁ የስልኩን ዳታ እንዲያጠፋ አደረግን። «አሁን ሽጥ» አልነው። ሸጠ። ዳታውን ሲመልሰው ሽያጩ በባለሱቋ ስልክ ላይ ታየ። ስለ ኔትወርክና ስለ መብራት ከምታወሩት ግማሽ ሰዓት ይሄ አንድ ደቂቃ ይበልጣል። የእናንተ ያለ ኔት የማይሠራ ከሆነ ግን ዴሞውን አቁሙና ወደ ኮዱ ተመለሱ። የእኛ ሀገር ሱቅ ኔት እስኪመጣ ደንበኛ አያቆምም።

ዋናው ሰዓት ማታ ነው። ዴሞ የሚሸጠው ሲዘጋ ነው፤ ብዙ ሻጮች ግን ጠዋት አሳይተው ማታ ቤታቸው ይገባሉ። እኛ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሰን ሒሳብ ሲቀበሉ አብረን ቆምን። የቀኑ ሽያጭ 18,450 ብር። ከዚህ ውስጥ በቴሌብር የገባ 4,200፣ በዱቤ የወጣ 1,150። በጥሬ ገንዘብ 13,100 መሆን አለበት። ጠዋት ለመልስ የተተወ 2,000 አለ። ለዳቦ አከፋፋዩ የተከፈለ 1,800 ወጥቷል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 13,300 መገኘት ነበረበት። ልጁ ቆጠረ። 12,860። 440 ብር ጎደለ።

ሁሉም ዝም አለ። ባለሱቋ ልጁን አዩት። እዚህች ቅጽበት ላይ ዴሞው ሊሸጥም ሊሞትም ይችላል። እኔ ቶሎ ብዬ «መጀመሪያ ያልተመዘገበ ወጪ እንፈልግ» አልኩ። ልጁ ትንሽ አሰበና «እትዬ፣ ቀን ሲመጡ ለታክሲና ለመድኃኒት ብለው 300 ወስደው ነበር» አለ። ትክክል ነው፤ እሳቸውም ረስተውታል። የቀረው 140 ለሰፈር ልጅ በዱቤ የተሰጡ የሞባይል ካርዶች ሆነው ተገኙ። ሽያጩ ተመዝግቧል፤ ግን በዱቤ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ ተብሎ ነው የተጻፈው። ባለሱቋ ሳቁ። «ይሄማ እኔንም ይቆጣጠረኛል» አሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገዙ።

እዚህ ላይ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። ዴሞውን የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነው፤ ሌባ ስለሆነ ግን አይደለም። አዲስ ነገር ሲመጣ የሚጠረጠረው እሱ ነው። «ሠራተኛዎ ይሰርቅዎታል፣ እኛ እንይዘዋለን» እያላችሁ የምታስተዋውቁ ከሆነ፣ ሽያጩን የሚመዘግበውን ብቸኛ ሰው ጠላት አድርጋችኋል። ግማሹን አይመዘግብም፤ «ስልኩ ተዘጋ» ይላል፤ ማታ ቁጥሩ አይገጥምም። ጥፋቱም ወደ ሶፍትዌሩ ይላከካል። ለልጁ የሚጠቅመውን አሳዩት። ጎደለ ተብሎ ከደመወዙ ሲቆረጥ አሁን ማስረጃ አለው። ዱቤ የወሰደ ደንበኛ «አልወሰድኩም» ሲል ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል። በእኛ ቤት ልጁ በአራተኛው ቀን የዱቤ ደብተሩን ራሱ አምጥቶ «ይሄንንም እናስገባው» አለን።

የዱቤ ዝርዝሩ የሰዎች ስም፣ ስልክና ዕዳ ነው። የባለሱቁ ነው፤ የእናንተ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የአንዱን ሱቅ ትክክለኛ ዳታ ለሌላው ሱቅ እንደ ማሳያ አትክፈቱ። «እዚያ ጋ ያለው ሱቅ በቀን ይሄን ያህል ይሸጣል» ማለት ለእናንተ ማስታወቂያ ይመስላችኋል፤ ሰሚው ግን «የኔንም እንዲህ ሊያወሩት ነው» ብሎ ነው የሚያስበው። ዴሞው ሲያልቅም ዳታውን አትቆልፉበት። ባይገዛም የዕቃና የዱቤ ዝርዝሩን በኤክሴል አውጥታችሁ ስጡት። ይህን ገና ስትጀምሩ ንገሩት። «ነፃ ነው» ስትሉት በሆዱ «ነገ በምን ሊይዙኝ ነው?» ይላልና መልሱን አስቀድማችሁ ስጡት።

ዋጋም በመጀመሪያው ቀን ይነገር። ነፃው ስንት ቀን ነው፣ ከዚያ በወር ስንት ነው፣ ሥልጠናና ጥገና ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? በ14ኛው ቀን ዋጋ ሲሰማ የተታለለ የሚመስለው ሰው፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም አይከፍልም። ስለዚህ አሁን ዋጋ መቀነሱን እርሱት። በትክክል ያልሞከረ ሰው «ውድ ነው» ቢላችሁ ትርጉሙ «ሂዱልኝ» ነው። የዋጋ ቅሬታ የምትሰሙት ሁለት ሳምንት ሒሳቡን የዘጋበት ባለሱቅ ሲነግራችሁ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ዴሞ ጉልበት ይበላል። በእኔ ልምድ ለአንድ ሱቅ ለማስገባት አራት ሰዓት፣ ልጁን ለማሰልጠን አንድ ሰዓት፣ ለሦስት ማታ ሦስት ሰዓት፤ በድምሩ ስምንት። አምስት ሱቅ 40 ሰዓት ነው። ለሁለታችሁ በ14 ቀን ውስጥ ምቹ ነው፤ 60 ግን 480 ሰዓት ስለሆነ አይሞከርም። ደግሞ የሱቅ የወር ክፍያ የስምንት ሰዓት ድካማችሁን በስንት ወር እንደሚመልስ አስሉት። ከስድስት ወር በላይ ከፈጀ ዋጋችሁ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነበር ማለት ነው።

በራሪ ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ለአንድ ሱቅ ብቻውን ከመድረስ ይልቅ የብዙ ሱቅ ሒሳብ የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ጋ ሂዱ። አንዱ ባለሙያ ዐሥራ አምስት ሃያ ነጋዴ ይይዛል፤ የማን ደብተር እንደተዝረከረከ ያውቃል። በቲክቶክ የምትለቁት ቪዲዮ ካለ ደግሞ የሶፍትዌሩን ገጾች ከማሳየት የማታውን ቆጠራ አሳዩ።

የኔ ምክር ይህ ነው። ዴሞውን 14 ቀን አድርጉት፣ ነፃ ይሁን፣ ግን ሁኔታ ይኑረው። ባለሱቁ ገንዘብ አይክፈል፤ ሁለት ነገር ይስጣችሁ፦ ለግማሽ ቀን ዕቃውን የሚያሳያችሁ አንድ ሰው፣ እና በሦስት ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አብራችሁ እንድትቆሙ ቀጠሮ። የመጀመሪያው ማታ፣ አራተኛው፣ ዐሥራ አራተኛው። ይህን ያልሰጠ ሱቅ ላይ አትጫኑ፤ ወረቀታችሁን ብቻ ተዉለት። እስከ መቶ ዕቃ እናንተ በነፃ አስገቡ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከገዛ በኋላ በክፍያ። ከ57ቱ ያልገዙት ውስጥ ሻጭ የቀጠሩትን ለዩና አምስቱን መርጣችሁ ደውሉ። «ባለፈው ባዶውን ሰጥተንዎት ነበር፣ አሁን ሞልተን እናምጣልዎት?» በሏቸው። ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ እዚያው ተገኙ።